ስልኩ መደርደሪያ ላይ፣ መልእክቱ ላፕቶፕ ላይ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት የሠርግ ጥሪ ካርድ ያሳተመ ወጣት ሒሳቡን ሊከፍል ቆሟል። በስልኩ ባንክ አፕ 2,850 ብር ላከና የስልኩን ስክሪን ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ አዞረ። «ልኬያለሁ እህቴ፣ ይኸው» አላት። እሷ ግን ስልኩን አላየችም። ዓይኗ ከፊቷ ባለው ላፕቶፕ የታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ ነበር። ጥቂት ቆይቶ እዚያ ጥግ ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። ከላይ CBE የሚል የላኪ ስም፣ ከሥሩ የገባው ገንዘብ መጠን፣ የላኪው ስምና በFT የሚጀምረው የግብይት ቁጥር ተደርድረዋል። «ገብቷል፣ እናመሰግናለን» አለችና ካርዶቹን አቀበለችው።

ያን የባንክ መልእክት የተቀበለው ስልክ እሷ ጋ አልነበረም። የማተሚያ ቤቱ ሲም ያለበት ቴክኖ ስልክ ከጀርባ ባለው ክፍል፣ የወረቀት መደርደሪያ ላይ ቻርጅ እየተደረገ ነበር። ቀድሞ ይህ ስልክ ከባለቤቱ ኪስ አይወጣም። ደንበኛ «ልኬያለሁ» ባለ ቁጥር ሠራተኛዋ «ጋሼ፣ ከንግድ ባንክ 2,850 ገብቷል?» ብላ ትደውላለች። ጋሼ ስብሰባ ላይ ወይም መሪ ይዘው ከሆነ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። ካልጠበቀም በስክሪንሾቱ ታምኖ ይሸኛል። ስክሪንሾት ደግሞ ማንም ስልኩ ላይ አስተካክሎ ሊሠራው የሚችል ምስል ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረና የባንኮቹ የሞባይል አፖች ከተለመዱ ወዲህ በአዲስ አበባ የሱቅ ባንኮኒ ላይ የሚነሳው ትልቁ ጥያቄ ይኸው ሆኗል፤ ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱን፣ ሳይዘገይ፣ ከሻጩ ወገን ማን ያያል?

የስልክን መልእክትና ማሳወቂያ ላፕቶፕ ላይ የሚያሳይ አፕ ለዚህ ጥያቄ ያለ ተጨማሪ ወጪ መልስ ይሰጣል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን አንዱን ዓይነት ብቻ ነው። የትኛው ዓይነት ለየትኛው ቢሮ እንደሚሆን የሚወስነው ደግሞ ስልኩና ላፕቶፑ የሚገናኙበት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው በዊንዶውስ ላፕቶፖች ላይ ተጭኖ የሚመጣው ፎን ሊንክ ነው። ማይክሮሶፍት በ2018 እ.ኤ.አ. «ዩር ፎን» ብሎ አውጥቶት በ2022 ስሙን ቀየረው። ላፕቶፑ ላይ የሚታየውን ኪውአር ኮድ በስልክ ካሜራ ታነሳለህ፣ ስልኩ ላይ «ሊንክ ቱ ዊንዶውስ» የሚባለውን አፕ ትጭናለህ፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ትገባለህ፤ አለቀ። ሁለቱ መሣሪያዎች የሚተዋወቁት በዚያ አካውንት ስለሆነ ማሳወቂያው ከስልክ ወደ ላፕቶፕ እንዲደርስ ኢንተርኔት የግድ ያስፈልጋል። የስልክ ጥሪን ላፕቶፕ ላይ ማንሳት የሚፈልግ ብሉቱዝም ይጨምራል። አይፎን ከሆነ ግንኙነቱ የሚቆመው በብሉቱዝ ላይ ነው። ኢንተርኔቱ ለማይቋረጥበት ቢሮ ይህ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለማዋቀርም ከሌሎቹ ይቀላል።

ማተሚያ ቤቱ መጀመሪያ የተጠቀመው ይህን ነበር። ችግሩ የመጣው ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ነው። የባንክ አጭር መልእክት በሲም በኩል ስለሚመጣ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ስልኩ ላይ ይደርሳል። ፎን ሊንክ ግን ያን መልእክት ሁለት ክንድ ርቆ ወዳለው ላፕቶፕ ለማድረስ ውጭ ደርሶ መመለስ አለበት። ራውተሩ በርቶ መስመሩ ሲጠፋ መልእክቱ ስልኩ ላይ ይቀራል። ላፕቶፑ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከዚያው ስልክ ሆትስፖት በሆነ ቀን ደግሞ ማሳወቂያው በስልኩ ዳታ ይወጣና በስልኩ ዳታ ይመለሳል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት መቋረጡን የሚያስታውስ ነጋዴ የክፍያ ማረጋገጫው በዚህ ላይ እንዲንጠለጠል አይፈልግም።

ሁለተኛው መንገድ ከክፍሉ አይወጣም። ኬዲኢ ኮኔክት የሚባለው ነጻና ክፍት ፕሮግራም በ2013 እ.ኤ.አ. ጉግል ለተማሪ ፕሮግራመሮች በሚያዘጋጀው የክረምት ሥራ ላይ አልበርት ቫካ የጀመረው ነው። መጀመሪያ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዕቃ ነበር፤ ዛሬ ዊንዶውስ ላይም ይሠራል። አካውንት አይጠይቅም፣ ሰርቨርም የለውም። የሚፈልገው ስልኩና ላፕቶፑ በአንድ ራውተር ሥር መሆናቸውን ብቻ ነው። ራውተሩ ኢንተርኔት ባይኖረውም ግድ የለውም።

አገናኙ እንዴት እንደሚፈጠር ቀስ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ኋላ ላይ ሲበላሽ የት እንደተበላሸ የሚታወቀው በዚህ ነውና። አፑ በመሣሪያው ላይ መጀመሪያ ሲከፈት ሁለት ነገር ለራሱ ይሠራል። አንዱ ከመሣሪያው የማይወጣ የምስጢር ቁልፍ ነው። ሌላው ከዚያ ቁልፍ ጋር የተሳሰረ፣ ለሌሎች የሚታይ መታወቂያ ሰርተፊኬት ነው። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ዋይፋይ ውስጥ በገባ ቁጥር፣ ሰው በሞላበት ክፍል ገብቶ ስሙን ጮክ ብሎ እንደሚናገር እንግዳ፣ በ1716 ቁጥር ፖርት ላይ አጭር የማስተዋወቂያ መልእክት ለሁሉም ይበትናል። በዚህች መልእክት ውስጥ ስሙ፣ ስልክ ይሁን ላፕቶፕ፣ ሊያነጋግሩት የሚችሉበት ፖርትም አለ። ሌላው መሣሪያ ይህን ሲሰማ በቀጥታ ይደውልለታል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ንግግሩ ይመሰጠራል።

እስከዚህ ድረስ መተያየት ብቻ ነው፤ ገና አልተማመኑም። ሠራተኛዋ ላፕቶፑ ላይ የስልኩን ስም መርጣ የማጣመር ጥያቄ ስትልክ ሁለቱም ስክሪኖች ላይ አንድ ዓይነት አጭር ኮድ ይወጣል። ኮዱ የሚመነጨው ከሁለቱ ሰርተፊኬቶች ነው። በመካከል የገባ ሌላ ኮምፒውተር «ስልኩ እኔ ነኝ» ቢል የእሱ ሰርተፊኬት ሌላ ስለሚሆን ሁለቱ ኮዶች አይመሳሰሉም። ብዙ ሰው ኮዱን ሳያይ ይጫናል። በቤት ምናልባት ችግር የለውም። በርካታ ቢሮዎች አንድ ዋይፋይ በሚጋሩበት የካዛንቺስ ሕንፃ ውስጥ ግን ዝርዝሩ ላይ የጎረቤት ላፕቶፕም ሊታይ ይችላል። የገንዘብ መልእክት የሚያልፍበትን መስመር እያጣመርክ ኮዱን ፊደል በፊደል ማነጻጸር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ብሆን ሁለት ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነበው አደርጋለሁ።

ጥያቄው ሲፈቀድ እያንዳንዱ የሌላውን ሰርተፊኬት ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ማሳወቂያ ሲደርሰው አፑ ጽሑፉን ወስዶ፣ መስጥሮ፣ በዋይፋዩ በኩል ወደ ላፕቶፑ ይልከዋል። ለዚህ ስልኩ ላይ አንድ ከባድ ፈቃድ መሰጠት አለበት፤ ማሳወቂያዎችን ሁሉ የማንበብ ፈቃድ። አንድሮይድ ይህን ፈቃድ እንደ ካሜራና ማይክሮፎን ፈቃድ በአንድ ንክኪ አይሰጥም። ወደ ሴቲንግ ገብተህ ራስህ እንድታበራው ያደርግሃል። እንዲህ ማክበዱም ትክክል ነው።

የማተሚያ ቤቱ ልጆች ወደዚህ አፕ ሲዞሩ መጀመሪያ የተሰናከሉት እዚህ ላይ ነበር። ኮምፒውተር የሚያስተካክልላቸው ወጣት ዳታ ለመቆጠብ ሲል የአፑን ፋይል በቴሌግራም ልኮላቸው ጫኑት። ፈቃዱን ሊያበሩ ሲሉ ማብሪያው ደብዝዞ እምቢ አለ። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ከፕሌይ ስቶር ውጭ በፋይል ለገባ አፕ ስልኩ ይህን ፈቃድ ይቆልፋል። ምክንያቱ ተገቢ ነው፤ በፋይል የሚዘዋወሩ የሌባ አፖች መጀመሪያ የሚፈልጉት ይህንኑ የማንበብ ፈቃድ ነው። መክፈቻው አለ፤ የአፑን መረጃ ገጽ ከፍቶ ከላይ ባሉት ሦስት ነጥቦች ውስጥ Allow restricted settings የሚለውን መምረጥ። የእኔ ምክር ግን ሌላ ነው። ፋይሉን አጥፍቶ ከፕሌይ ስቶር መጫን። የሚቆጠበው ዳታ ማን እንደነካካው የማይታወቅ ፋይል የባንክ መልእክትህን እንዲያነብ ለማድረግ የሚበቃ አይደለም። እነሱም እንዲሁ አደረጉ።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ይበልጥ ያታልል ነበር። ሁሉ ነገር ሠራ፤ ሳጥኗ ላፕቶፑ ላይ ብቅ ብቅ ትላለች። ስልኩ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ስክሪኑ ከጠፋ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ጸጥ ይላል። ማንም ሄዶ ስልኩን ሲያበራው የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ይጎርፋል። ይህ ምልክት ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ የሚሠራውን አፕ እያስተኛው ነው። ቴክኖን የመሰሉ፣ ባትሪ እንዲያቆዩ ተብለው የተዋቀሩ ስልኮች በዚህ ይበረታሉ። በሴቲንግ ውስጥ የአፑን የባትሪ አጠቃቀም Unrestricted ማድረግና፣ አምራቹ የራሱ «ስልክ አጽጂ» አፕ ካለው እዚያም ኬዲኢ ኮኔክትን እንዳይዘጋ መፍቀድ ያስፈልጋል። ስልኩ ቻርጀር ላይ ስለሚውል ባትሪው ማለቁ አያሳስብም።

ሦስተኛው ችግር የማተሚያ ቤቱ አልነበረም። የእነሱን አይታ ይህንኑ በአቅራቢያው ካፌ ቁጭ ብላ የሞከረች የጉዞ ወኪል ሠራተኛ ገጠማት። ስልኳም ላፕቶፗም በካፌው ዋይፋይ ገብተዋል፣ ሁለቱም ኢንተርኔት አላቸው፤ ዝርዝሩ ግን ባዶ ነው። ለእንግዳ የሚከፈት ዋይፋይ ብዙ ጊዜ የተገናኙትን መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይለያያቸዋል። እያንዳንዱ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል እንጂ ጎን ለጎን መነጋገር አይችልም። ይህ ለደንበኞች ጥበቃ ነው፤ የማስተዋወቂያዋ መልእክት ግን እዚያው ትሞታለች። ችግሩ ይህ መሆኑን ለማወቅ የስልኩን አይፒ አድራሻ ከዋይፋይ ዝርዝሩ አይቶ ከላፕቶፑ መጥራት ነው፤ አድራሻው ለምሳሌ 192.168.1.7 ቢሆን፦

```
ping 192.168.1.7
```

መልስ ከመጣ መንገዱ ክፍት ነው፤ ችግሩ ከአፑ ወይም ከላፕቶፑ ፋየርዎል ነው። መልስ ካልመጣ በብዛት ዋይፋዩ እየለያያቸው ነው። ካፌ ላይ መፍትሔው የራስን ስልክ ሆትስፖት ከፍቶ ላፕቶፑን ከሱ ጋር ማገናኘት ነው። ስልኩ ራሱ ራውተር ሆነ ማለት ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ማሳወቂያ ወደ ውጭ ስለማይወጣ ዳታ አይቆጥርም። ያኔም ዝርዝሩ ላይ ካልታየ አፑ ውስጥ አድራሻውን በእጅ ማስገቢያ አለ። ስልኩ ላይ ቪፒኤን የሚያበራ ሰውም ያጥፋውና ይሞክር። በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለወራት ሲዘጉ ብዙ ሰው ቪፒኤን ጭኖ እንደበራ ትቶታል። አንዳንዶቹ ቪፒኤኖች ደግሞ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ጎረቤት መሣሪያ ጭምር ይደብቃሉ።

ፋየርዎሉን በተመለከተ፣ ዊንዶውስ አዲስ ዋይፋይ ሲያገኝ «የሕዝብ» ብሎ ይመዘግበውና ከውጭ የሚመጣን ጥሪ ይዘጋል። የቢሮውን ዋይፋይ ብቻ ወደ Private መቀየር ይበቃል፤ የካፌውን ግን እንዳለ መተው ነው። ኡቡንቱ የሚጠቀምና ፋየርዎሉን ያበራ ሰው አፑ የሚነጋገርባቸውን ፖርቶች ይከፍታል፦

```
sudo ufw allow 1714:1764/udp
sudo ufw allow 1714:1764/tcp
```

አሁን አገናኙ ቆሟል፤ በእሱ ላይ ምን ማለፍ አለበት የሚለው ደግሞ በእኔ እምነት ከአገናኙ ይበልጣል። ወደ ማተሚያ ቤቱ ሳጥን እንመለስና ጽሑፉን እስከ መጨረሻው እናንብበው። የንግድ ባንክ የገቢ መልእክት የገባውን መጠን ነግሮ አያበቃም፤ ሒሳቡ ላይ አሁን ያለውን ቀሪም ይጨምራል። ስልክ ላይ ሲሆን ይህን የሚያየው ባለቤቱ ነው። ባንኮኒ ላይ በቆመ ላፕቶፕ ጥግ ሲወጣ ግን ባሻገር የቆመው ደንበኛም፣ ወረቀት ሊያወርድ የመጣውም ሊያየው ይችላል። አፑ የአንድን አፕ ማሳወቂያ ይዘት ደብቆ ስሙን ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ይችላል። እዚህ ግን ይዘቱ ከተደበቀ መጠኑም ይደበቃል፤ ሥራው ከንቱ ይሆናል። ሠራተኛዋ ያገኘችው መፍትሔ ላፕቶፑን ወደ ግድግዳው ማዞር ነበር። ቀላል ነው፤ ግን አስባበት ያደረገችው ነው።

ለሌሎቹ አፖች የወሰኑት ደግሞ በጣም ደስ አሰኘኝ። የማሳወቂያ ፈቃዱ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚሸፍን፣ ካልተነካ የጋሼ የቤተሰብ መልእክት፣ የቴሌግራም ቡድናቸው፣ የሐኪም ቀጠሯቸው ሳይቀር የሒሳብ ሠራተኛዋ ላፕቶፕ ላይ ይታያል። በኬዲኢ ኮኔክት የማሳወቂያ ክፍል ውስጥ የአፖቹ ስም ተደርድሮ እያንዳንዱን ማብራትና ማጥፋት ይቻላል። እነሱ ከአጭር መልእክቱ በስተቀር ሁሉንም አጠፉ። የቴሌብር መልእክትም ከ127 በአጭር መልእክት ስለሚመጣ ከዚሁ ጋር ይታያል። የመልእክት ታሪኩን ሁሉ ከላፕቶፕ ማንበብና መመለስ የሚያስችለውን ሌላ ክፍልም አልከፈቱትም። ያ ክፍል ከተከፈተ ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠ ሁሉ በማተሚያ ቤቱ ቁጥር መልእክት መላክ ይችላል፤ ሒሳቡም ከሲሙ ይቆረጣል።

የማረጋገጫ ኮዶች ነገር የተለየ ነው። ከአንድሮይድ 15 ጀምሮ ስልኩ አንድ ማሳወቂያ የአንድ ጊዜ ኮድ ይዟል ብሎ ከገመተ ለሌላ አፕ ሲያስተላልፈው ጽሑፉን ይደብቃል። ላፕቶፑ ላይ Sensitive notification content hidden የሚል ብቻ ይነበባል። ይህን የሚያይ ሰው አፑ ተበላሸ ይላል፤ አልተበላሸም። በትእዛዝ ማስከፈት ይቻላል፤ እኔ ግን ሱቅ ውስጥ ላለ ላፕቶፕ እንዲከፈት አልመክርም። ገንዘብ መግባቱን የሚነግር መልእክት ሠራተኛው ቢያየው ጥቅም ነው። ገንዘብ የሚያስወጣ ኮድ ግን የባለቤቱ ዓይን ብቻ የሚያየው መሆን አለበት። ቆየት ያለ አንድሮይድ ያለው ስልክ ይህን ጥበቃ አያደርግም፤ ስለዚህ የባንኩን አካውንት ባለቤቱ ከሌላ ስልክ ቢያንቀሳቅስ፣ የሱቁ ስልክ የገቢ መልእክት ብቻ ቢቀበል ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከአፑ መጠበቅ የለበትም። ሳጥኗ ያሳየችው ስልኩ የተቀበለውን ነው እንጂ ባንኩን ጠይቃ አላረጋገጠችም። አንድ አጭበርባሪ የባንኩን ቃል በቃል ገልብጦ ከግል ቁጥሩ ቢልክ ያም ላፕቶፑ ላይ ይወጣል። ልዩነቱ ከላይ ባለው የላኪ መስመር ነው፤ CBE ወይም 127 በሚል ፈንታ የግል ስልክ ቁጥር ይነበባል። ሠራተኛዋ መጠኑን ከማየቷ በፊት ላኪውን የማየት ልማድ አዳብራለች። መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ የግብይት ቁጥሩን ይዛ ባለቤቱ የሒሳብ መግለጫው ላይ እንዲያዩት ታደርጋለች። የዘገየ መልእክትም አለ፤ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ገንዘቡ ገብቶ መልእክቱ ሊቆይ ይችላል። ያኔ ሳጥኗ አለመውጣቷ ደንበኛው ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ሲሆን አትጨቃጨቅም፣ ወንበር ትሰጠዋለች።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደርሶ ሰፈሩ ሲፈርስ፣ ማተሚያ ቤቱ የነበረበት ግቢም ተነሣ። ዕቃው ተጭኖ ቂርቆስ ውስጥ ወደ መሿለኪያ በኩል ተከራዩ። አዲስ ራውተር፣ አዲስ የዋይፋይ ስም፣ አዲስ አይፒ አድራሻ። ሠራተኛዋ እንደገና ማጣመር ሊኖርብኝ ነው ብላ ኮድ የምታነጻጽርበትን ሰው ጠርታ ነበር። ሁለቱንም በአዲሱ ዋይፋይ ስታስገባ ግን ስልኩ ዝርዝሩ ላይ የተገናኘ ሆኖ መጣ። መተማመኑ የተመሠረተው በሰርተፊኬቶቹ ላይ ነው እንጂ በቦታው ወይም በአድራሻው አይደለም። በዊንዶውስ አዲሱን ዋይፋይ ወደ Private መቀየር ብቻ ቀራቸው።

ይኸው ባሕርይ ሌላም ፊት አለው። ሰርተፊኬቱ የተቀመጠበት ላፕቶፕ ከሥራ በለቀቀ ሰው እጅ ቢሆን፣ ቢሸጥ ወይም ቢሰረቅ፣ የሱቁ ዋይፋይ በሚደርስበት ቦታ ሲበራ ስልኩ እንደ ድሮው ያውቀዋል፤ መልእክቱንም ይልክለታል። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ካልተቀየረ ከልካይ የለውም። ስለዚህ ሠራተኛ ሲለቅ ቁልፍ ከመረከብ ጋር አንድ ሥራ ይጨመር፤ ስልኩ ላይ ኬዲኢ ኮኔክትን ከፍቶ የላፕቶፑን ስም መምረጥና Unpair ማለት። ላፕቶፑ አጠገብ መኖር የለበትም። ከስልኩ በኩል ብቻ ቢሰረዝ ይበቃል፤ ሰርተፊኬቱን ስልኩ ከጣለ በኋላ ያ ላፕቶፕ እንደ ማንኛውም እንግዳ አዲስ ጥያቄ ማቅረብ አለበት፤ ያን ጥያቄ የሚፈቅደው ስልኩን የያዘው ሰው ነው።